ታናሿ ታላቋን በቁመት በለጠቻት

«ውድ ሲስተር፣ እህቴ ከ9 ዓመት በፊት ወደ ካናዳ ስትሄድ ታናሿን ልጇን ይዛ ሄደች። ያኔ ሕፃኗ 1 ዓመት ከ6 ወሯ ነበር። ታላቋ ወረቀቷ ስላላለቀ እዚህ ሀዋሳ እኔ ጋር ቀረች። የ3 ዓመት ልጅ ሆና ነው በአደራ የተቀበልኳት። ዘንድሮ ለገና መጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ። ታላቋ 12 ዓመት ሞልቷት 139 ሴንቲ ሜትር ናት። ታናሿ በ10 ዓመት ተኩሏ 147 ደርሳለች። ሞላ ያለች ናት፤ የወር አበባም በቅርቡ ጀምራለች። ታላቋ ላይ ገና ምንም ምልክት የለም። እህቴ ምንም አላለችኝም፤ ግን በምን ዓይን እንደምታያት አይቻለሁ። ጎረቤት 'እዚያ በሆርሞን ያደገ ዶሮ ስለሚበሉ ነው' ይላል። አንድ የፋርማሲ ልጅ ደግሞ ቁመት የሚጨምር ሽሮፕ አለ ብሎኛል። የሁለቱንም የክትባት ካርድ ፈልጌ አገኘሁ። ታላቋ 2 ዓመት ሲሞላት 80፣ ታናሿ ልትሄድ ሰሞን 79 ይላል። እናታቸው 158፣ አባታቸው 172 ናቸው። የታላቋ ወረቀት አልቋል፤ በመጪው ዓመት ትሄዳለች። ስትሄድ እህቷን ትደርስባታለች? ወይስ የሰው ልጅ ተቀብዬ አሳጠርኳት?»

— አክስቷ፣ ከሀዋሳ

እህቴ፣ ያንን ካርድ ስላልጣልሽው ደስ ብሎኛል። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ክትባት ከጨረሰ በኋላ ካርዱ የት እንደገባ አያውቅም። ካርዱ ከሌለ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ መመለስ ይከብዳል። የአንቺ ግን ግማሹ መልስ እዚያ ላይ ተጽፏል።

በታላቋ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች እድገት የሚለካበት ሰንጠረዥ አለው። ጤና ጣቢያም ሆነ የግል ክሊኒክ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ለ2 ዓመት ሴት ልጅ የመካከለኛው መስመር 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከታች ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ በዚያ ዕድሜ 80 አካባቢ ላይ ያርፋል። ከዚያ መስመር በታች የሆነ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል። የእህትሽ ልጅ በ2 ዓመቷ ልክ ጫፉ ላይ ነበረች። ያኔ ደግሞ አንቺ ጋር አልመጣችም። እናቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች።

አሁን ወደ ዛሬው ቁመቷ እንምጣ። ለ12 ዓመት ሴት ልጅ የመካከለኛው መስመር 151 ነው። የታችኛው 138 አካባቢ ነው። እሷ 139 ናት። ያው ጫፍ ላይ ናት ማለት ነው። በ2 ዓመቷ ከመካከለኛው በ6 ሴንቲ ሜትር ታንስ ነበር፤ ዛሬ በ12 ታንሳለች። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እጥፍ ወደ ኋላ ቀረች ሊል ይችላል። አይደለም። ልጆች ባደጉ ቁጥር በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ርቀትም አብሮ ይሰፋል። መስመሮቹም እየተራራቁ ነው የሚሄዱት። ልጅቷ ግን ከራሷ መስመር አልወረደችም። በየጊዜው የምትታመም ወይም በቂ ምግብ የማታገኝ ልጅ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ከመስመሩ በታች ነበር የምናገኛት።

ስለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሴ፦ አላሳጠርሻትም። አንቺ የተቀበልሻት ልጅ አጭር ሆና ነው የመጣችው፤ ያንኑ ቦታዋን ይዛ እንድታድግ አድርገሻል። ወደ ላይ አልወጣችም፤ ይህም እውነት ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ወደ ላይ መውጣት ግን በጣም ከባድ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ጤናማ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሁለተኛው ዓመት 12 ገደማ። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት 5 ወይም 6 ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚደጋገም ተቅማጥ፣ ከ6 ወር በኋላ የሚጀመረው ምግብ ቀጭን አጥሚት ብቻ ሆኖ መቅረት፣ የእናት በእርግዝና መጎዳት፣ እነዚህ የሚወስዱት ብዙ ነው። በኋላ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር በሚያድግ ልጅ ላይ ያንን መመለስ አይቀልም። ይህ የእናንተ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን አሁንም ከሦስቱ አንዱ በላይ ማለት ነው።

አሁን ታናሿን እንያት። በ1 ዓመት ከ6 ወሯ 79 ነበረች። በዚያ ዕድሜ የመካከለኛው መስመር 81 ገደማ ነው። ከመካከለኛው በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የምታንሰው። ይህን ልብ በይ። ካናዳን ሳታይ፣ ገና አውሮፕላን ሳትሳፈር፣ ሁለቱ እህትማማቾች እኩል አልነበሩም። ታላቋ የታችኛው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ታናሿ ግን መካከለኛው አጠገብ። ከአንድ አባትና እናት ስለተወለዱ እኩል ተነሥተዋል ብለን እናስባለን፤ የሁለት ልጆች ሁለት ዓመት ግን አንድ አይሆንም። እህትሽን በደህና ጊዜ ጠይቂያት። ታላቋ ስትወለድ ኑሮ እንዴት ነበር? የት ቤት ነበሩ? ውኃው ከየት ነበር? ስንት ጊዜ ታመመች? ለመውቀስ አይደለም፤ መልሱ እዚያ ስላለ ነው።

ተመራማሪዎችም የሚቸገሩበት ይኸው ነው። ወደ ሀብታም አገር የሄደ ልጅ ረጅም ሆኖ ሲገኝ አገሩ ነው ያስረዘመው? ወይስ ድሮውንም ደህና ያለው ቤተሰብ ስለሆነ ነው የሄደው? ይህን ለመለየት ጥሩ አጋጣሚ የተገኘው በቶንጋ ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። ኒውዚላንድ በየዓመቱ ለ250 ቶንጋውያን በዕጣ የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጥ ነበር፤ እንደ ዲቪ በይው። ስቲልማን፣ ጊብሰንና ማኬንዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ዕጣው ወጥቶላቸው የሄዱትን ቤተሰቦች ልጆችና ሞልተው ሳይወጣላቸው የቀሩትን ልጆች አነጻጸሩ። ሁለቱም ለመሄድ የፈለጉ ናቸው፤ የለያቸው ዕጣ ብቻ ነው። ያገኙት ሁለት ነገር ነው። የሄዱት ጨቅላዎች ቁመታቸው ጨመረ፣ መቀንጨርም ቀነሰ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ላይ ግን ጎልቶ የታየው ውፍረት ነው። ዋናው ምክንያት ደግሞ የምግቡ መቀየር ነበር፤ ሥጋው፣ ስቡና ወተቱ በዛ።

እንግዲህ የእናንተዋ ታናሽ የሄደችው በጥሩ ዕድሜ ነው። ገና በፍጥነት የምታድግበት ጊዜ ላይ ነበረች። ታላቋ በ3 ዓመቷ ብትሄድ እንኳን የምታገኘው ከእሷ ያነሰ ይሆን ነበር።

ስለ ዶሮው ጎረቤትሽን ንገሪያቸው። በካናዳ ለዶሮ የእድገት ሆርሞን መስጠት ከተከለከለ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ዶሮዎቹ የሚተልቁት በዘር መረጣና በመኖ ነው። ልጅ በውጭ አገር የሚረዝመው በምስጢር አይደለም። ወተት በየቀኑ ይጠጣል። ውኃው ንጹሕ ስለሆነ አንጀቱ በየወሩ አይቆስልም። ሲታመምም ቶሎ ይታከማል። በሽታ ሲይዘው ምግቡን ለማደግ ሳይሆን ለመዳን ነው የሚያውለው፤ ስለዚህ የሕመም ቀን ሲቀንስ የእድገት ቀን ይጨምራል።

ይህ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማየት የማያ ሕዝቦችን ልጥቀስልሽ። እነዚህ የጓቲማላ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ በዓለም አጭር ከሚባሉት መካከል ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ከአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነትና ከድህነቱ ሸሽተው ብዙዎች አሜሪካ ገቡ። ባሪ ቦጊን የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር በፍሎሪዳና በሎስ አንጀለስ የሚያድጉትን ከ5 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ለካ። ጓቲማላ ካሉት እኩዮቻቸው በአማካይ በ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝሙ ነበር። በአንድ ትውልድ! ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ከዚያ ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው ደግሞ የእግር ርዝመት ነበር። በልጅነት ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳው እግር ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ያለውንና ከውጭ የመጣውን ልጅ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስታስቀምጫቸው ልዩነቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው። እንግዶችሽ ገና ካልሄዱ ሞክሪው።

እነዚያ የማያ ልጆች ብዙዎቹ ከልክ በላይ ወፍረውም ነበር። ቁመቱና ክብደቱ አብረው ነው የመጡት። አሁን ወደምፈልገው ነገር ደረስኩ፤ አንቺ በአንድ መስመር ጽፈሽ ያለፍሽውን ነገር ነው። ታናሿ የወር አበባ ጀምራለች።

ሴት ልጅ በሁለት ምዕራፍ ታድጋለች። እስከ ጉርምስና በዝግታ፣ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ጡቷ ሲያጎጠጉጥ ድንገት ትመዘዛለች፤ በአንድ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ልታድግ ትችላለች። የወር አበባ የሚመጣው ይህ ሩጫ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የአጥንቶቿ ማደጊያ ጫፍ እየተዘጋ ይሄዳል። የሚቀራት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ስለዚህ በገና ጎን ለጎን ያቆምሻቸው ልጆች አንዷ ሩጫዋን ልትጨርስ የተቃረበች፣ ሌላዋ ገና ያልጀመረች ናቸው። ልዩነቱ ከሁሉ በላይ ሰፍቶ የሚታየው ደግሞ በዚህ ዕድሜ ነው። የዓይን ልክ የሚያሳስተውም አሁን ነው።

እስቲ እናስላው። ታናሿ 147 ናት። 5 ወይም 8 ጨምሪበት። 152 ወይም 155 ላይ ትቆማለች። ታላቋ 139 ናት፤ ጡቷ ገና አላጎጠጎጠም። ሴት ልጅ ከዚያ ምልክት ጀምሮ እድገቷ እስኪቆም ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ታድጋለች። ነገ ብትጀምር እንኳ ወደ 159 ይጠጋል። በልጅነቷ የቀነሰባትን ከግምት አስገብቼ ሰፋ ላድርገውና ከ152 እስከ 160 ልበል። አሁን የወላጆቻቸውን ቁመት እይ። ለሴት ልጅ የአባትና የእናት ቁመት ይደመርና 13 ተቀንሶ ለሁለት ይካፈላል። 172 እና 158 ሲደመሩ 330። 13 ሲቀነስ 317። ግማሹ 158 ተኩል። ከዚህ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ያለ ሁሉ ጤናማ ነው። ሁለቱም ልጆች እዚያው ውስጥ ነው የሚያርፉት። ዛሬ በ8 ሴንቲ ሜትር የምትበለጠው ታላቅ ሃያ ዓመት ሲሞላት እኩል ልትሆን፣ ልትበልጣትም ትችላለች። ትንቢት አይደለም፤ ሁለቱም ወላጆች እንዲያዩት የጻፍኩት ስሌት ነው።

ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በስዊድን በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው። ፕሩስ የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ከሕንድ በጉዲፈቻ የመጡ ሴት ልጆችን ተከታተለች። ሲደርሱ አጭርና ቀጭን ነበሩ። እዚያ ሲበሉና ሲታከሙ በፍጥነት ተመዘዙ፤ ቤተሰቦቻቸውም ተደሰቱ። ከዚያ ግን የወር አበባቸው ቀድሞ መጣ። ግማሾቹ 11 ዓመት ከ7 ወር ሳይሞላቸው አዩ፤ ከስዊድን እኩዮቻቸው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድመው። እድገታቸውም ቶሎ ተዘጋና በአማካይ 154 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሙ። መሀል ላይ ያገኙትን በመጨረሻ መልሰው አጡት ማለት ይቻላል። በተለይ ትንሽ ከፍ ብለው በሄዱትና በፍጥነት በተመዘዙት ላይ ይህ ይበረታ ነበር።

ታናሿ ታማለች ማለቴ አይደለም። በ10 ዓመት ተኩል የወር አበባ ማየት ፈጠን ያለ ነው፤ ግን በሽታ አይደለም። ከ8 ዓመት በፊት ጡት ማጎጥጎጥ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ማየት ግድ ነበር። እናቷ ማሰብ ያለባት ስለ ክብደቷ ነው። ጭማቂውንና ለስላሳውን መቀነስ፣ ስክሪኑን መዝጋት፣ መሮጥ። አንቺ «ወፈረች» ብለሽ ብትነግሪያት እህትሽ ሊከፋት ይችላል። እዚያ ያለው ሐኪሟ በዓመት አንዴ ሲለካት ሰንጠረዡን አሳየኝ እንድትለው ንገሪያት፤ ከሰንጠረዡ ራሷ ታየዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፦ ታላቋ ካናዳ ስትሄድ ትደርስባታለች? ለመርዘም ብላችሁ አትላኳት፤ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ላኳት። በ13 ዓመት የሚሄድ ልጅ ታናሿ በሕፃንነቷ ያገኘችውን አያገኝም። ምግቡና ወተቱ ይረዳታል፤ የተደበቀ የምግብ ጉድለት ካለባት ሊሞላላት ይችላል። ግን በሕፃንነት የጠፋው አብዛኛው አይመለስም። የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። እናት ዘጠኝ ዓመት የናፈቀችውን ልጅ ስታገኝ የምታደርገውን አውቃለሁ። ታጎርሳለች፤ ትጋብዛለች። «ትረዝምልኛለች» ብላ ጣፋጩንና የተጠበሰውን ስትደረድር በመጀመሪያው ዓመት ልጅቷ ከመርዘም ይልቅ ትወፍራለች። ክብደት ቶሎ ሲጨምር ጉርምስናው ይፋጠናል፤ የቀራት የማደጊያ ጊዜ ያጥራል። ይህን ለእህትሽ አሁኑኑ ንገሪያት።

ሽሮፑን አትግዢ። ቪታሚን ለጎደለው ልጅ ይረዳ ይሆናል፤ ያልጎደለውን አያስረዝምም። የምግብ ፍላጎት የሚከፍቱትም የሚጨምሩት ክብደት ነው፤ ለምን መጥፎ እንደሆነ አሁን ነግሬሻለሁ። መርፌ የሚባለው የእድገት ሆርሞን ደግሞ ሰውነታቸው ሆርሞኑን ለማያመርትና ለተወሰኑ ሌሎች ሕመሞች በስፔሻሊስት የሚታዘዝ ነው። ብዙውን ጊዜ በየቀኑ የሚወጋ፣ ለዓመታት የሚቆይና በጣም ውድ ነው። በሕፃንነት መቀንጨር የተጎዳ ልጅ መድኃኒት አይደለም።

ይልቅ የሽሮፑን ገንዘብ ለእንቁላልና ለዓሣ አውይው። ሀዋሳ ነው ያላችሁት፤ አሞራ ገደል ወርደሽ ቆሮሶ መግዛት ትችያለሽ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ፣ በሌላው ቀን እንቁላል፣ ማታ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ገንቢው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጮውን ከአይብ፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋር አድርጊው። የምትጾም ከሆነም ችግር የለም፤ በጾም ቀን ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ምስሩ ይብዛ፣ ለውዝ ቦርሳዋ ውስጥ ይግባ። ለረጅሙ ጾም የንስሐ አባቷን አማክሪ። ለሚያድግ ልጅ ብዙዎቹ አባቶች ያስባሉ።

ከዚያ ለኪያት። አለካኩ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚያ ነው። ሹሩባ ከተሠራች ይፈታ፤ ጉብ ያለ ሹሩባ ብቻውን 2 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ጫማና ካልሲ ይውለቅ። ተረከዟ፣ መቀመጫዋና ትከሻዋ ግድግዳ ይንኩ። ፊት ለፊት ትይ፤ አገጯን አታንሣ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ራሷ ላይ ጠፍጥፈሽ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። ማታ ሰው እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ጠዋት ለክተሽ በሌላ ጊዜ ማታ ብትለኪ ያላደገች ይመስልሻል። ቀኑን ጻፊ፤ ከ6 ወር በኋላ ድገሚው። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ሐኪም ይያት። በየሳምንቱ መለካት ግን ልጅቷን ከማሳቀቅ በቀር አይጠቅምም።

ዕድሜዋንም አጣሪ። ለውጭ ወረቀት ሲባል ዕድሜ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ አይቻለሁ። የእኛ ቀን ወደ ፈረንጅ ሲቀየርም ስህተት ይገባል። በፓስፖርቱ የአንድ ዓመት ስህተት ካለ፣ ሐኪሙ ጋር በዚህ ዕድሜ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያለ ጥፋት «ጎደለ» ያሰኛል። የክትባት ካርዱ ላይ ያለው የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ እዪ።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ የሕፃናት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰጃት። የደም ማነስ፣ የሰገራና የታይሮይድ ምርመራ ይጠየቅ። ሐይቁ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ስለ ቢልሃርዝያ ንገሪያቸው። አንገቷ ላይ እብጠት ካለ አሳዪ፤ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀምሽን አረጋግጪ። 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ካላጎጠጎጠ መጠበቅ የለም። ያኔ የግራ እጇ ራጅ ይነሣል፤ አጥንቷ ስንት ዓመት ላይ እንደደረሰ ያሳያል። በጣም አጭር ሆና ጉርምስና ያልመጣባት ሴት ልጅ ላይ አልፎ አልፎ የክሮሞሶም ጉዳይ ስለሚኖር እሱንም ሐኪሙ ያየዋል። አሁን ግን ገና 12 ናት፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ተዉ። ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ማቆም ይቅር። «ታናሽሽ በለጠችሽ» የሚለው ሳቅ ለአዋቂ ጨዋታ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ግን ትሸማቀቅበታለች። ስሌቱን ንገሪያት። እህትሽ ሩጫዋን ቀድማ ጀምራ ልትጨርስ ነው፣ ያንቺ ገና አልተጀመረም በያት። ይገባታል።

ሁለቱንም ካርዶች ዛሬ በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸውና ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ዋናውን ካርድ ደግሞ ታላቋ ስትሄድ ከፓስፖርቷ ጋር ትያዘው። እዚያ የሚያያት ሐኪም ካርዱን ካላየ ከዜሮ ይጀምርና አጭር ልጅ መጣች ብሎ ለወራት ምርመራ ያመላልሳታል። ከ2 ዓመቷ ጀምሮ በራሷ መስመር ላይ እንዳለች ካየ ግን የሚጠብቀው የጉርምስናዋን ምልክት ብቻ ይሆናል።